የተስማሙ አንቀጾች

ከእብናት ቅርንጫፍ ወደ ደብረ ታቦር ዋናው መሥሪያ ቤት ስዛወር የተሰጠኝ ቢሮ መስኮቱ ወደ መጋዘኑ ግቢ በር ያያል። ሌሎቹ ሠራተኞች ያንን ክፍል ለምን እንደሸሹት መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ብርሃን ያለው፣ ሰፊ፣ ወለሉ የማይንቋቋ ክፍል ነው። እንዲያውም ለአዲስ ሰው ይህን መልቀቃቸው ደግነት መስሎኝ በልቤ አመስግኛቸዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ነው የገባኝ። ክረምት ነበር፤ ጉሙ ከተማውን ውጦታል። መስኮቱን ስከፍት ከበሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ አንድ ሰው ቆሟል። ረዥም የዘበኛ ካፖርት ለብሷል፤ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦታል፤ በትሩን ይዞ ወደ በራችን ያያል። አይለምንም፣ አይጣራም፣ ከማንም ጋር አያወራም። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ በጭንቅላቱ ሰላም ሲለው እሱም በጭንቅላቱ ይመልሳል። የቀን ፈረቃው እስኪያልቅ ቆሞ፣ ሌላው ዘበኛ ሲተካ ይሄዳል።

«ማነው ያ?» ብዬ የመዝገብ ቤቷን ሴት ጠየቅኋት።

«የድሮው ዘበኛችን ናቸው። ተባረዋል። አንች አትያቸው፤ ስታያቸው ነው የሚከብዱሽ» አለችኝ።

አለማየት የሚቻል መሰላት። እኔ ግትር ሰው ነኝ፤ አትይ የተባልኩትን ነገር ደጋግሜ ነው የማየው። ጠዋት ስገባ አየዋለሁ፤ ሻይ ልጠጣ ስወጣ አየዋለሁ፤ አጎንብሼ ስጽፍ ደግሞ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ዝናብ ሲመታው ካፖርቱ ይጠቁራል እንጂ ከቦታው አይነቃነቅም። አንዳንድ ቀን ጉሙ ሲበረታ ሰውየው አይታይም፤ ያኔ የባሰ ነው፤ መኖሩን አውቃለሁና።

እኛ የገበሬዎች ማኅበራት ዩኒየን ነን። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ተቀብለን እናከፋፍላለን፤ ስንዴና ገብስ ሰብስበን እናስቀምጣለን። እኔ የሰው ሀብት አስተዳደር ሠራተኛ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ያስጠሩኝ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ጠርዙ ያለቀ የዲሲፕሊን መመሪያ ነበር።

«ይሄን አንቺ ታስተካክይልናለሽ» አሉኝ። «አንዱ አንቀጽ የሚለውን ሌላው ያፈርሰዋል። ኮሚቴው በተሰበሰበ ቁጥር ጠብ ነው። አንድ ድርጊት አንዱ ጋ ቀላል ጥፋት፣ ሌላው ጋ ከባድ ይሆናል። ሠራተኛ ማኅበሩም ተማሯል።»

«ይህ መመሪያ ሰው አባሮ ያውቃል?» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ አዩ። የሳቸው መስኮት ግን ወደ ጓሮ ነው፤ ያዩት የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር። «አንድ ሰው» አሉ።

መመሪያውን ወደ ቢሮዬ ወስጄ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ያማረ የቢሮ ጽሑፍ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ እንዲህ ያለ አደገኛም አላየሁም። የጻፉት ሰው ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ዩኒየኑ ሲመሠረት የአስተዳደር ኃላፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም «የኔታ» ነው የሚላቸው። ዓረፍተ ነገራቸው ይፈሳል። ችግሩ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ በአንድ ስም አይጠሩም። ትርጓሜው ላይ «ከባድ ጥፋት» ያሉትን፣ የጥበቃ ሠራተኞች ምዕራፍ ላይ «ብርቱ በደል» ይሉታል፤ ቅጣቱ ላይ ሲደርሱ «ታላቅ ግድፈት» ይሆናል። ቀላሉም እንዲሁ ነው፤ አንዴ «ጉድለት»፣ አንዴ «ስሕተት»፣ አንዴ «ቀላል ጥፋት»። ለአንባቢ ጆሮ ይጥማል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ግን ለጣዕም ብሎ አያነብም። ስሙ ከተለየ ነገሩም የተለየ ነው ብሎ ያምናል፤ ለየስሙም የተለየ ቅጣት ይፈልግለታል።

ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰፊ ወረቀት ዘርግቼ በመመሪያው ውስጥ የተጠቀሰውን ድርጊት ሁሉ ከላይ ወደ ታች ጻፍኩ፤ ከጎኑ ድርጊቱ የተጠቀሰባቸውን አንቀጾች፣ ከዚያ የተሰጠውን ስም፣ ከዚያ ቅጣቱን። ከአንድ በላይ ስም የተሰጠውን ድርጊት በቀይ ከበብኩ። ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆነ። «ከሥራ ማገድ» ሳይቀር ሁለት መልክ ነበረው፤ አንድ ቦታ ጉዳይ እስኪጣራ የሚወሰድ እርምጃ ነው፣ ሌላ ቦታ ራሱ ቅጣት ነው። በዚህ አያያዝ ገና ጥፋቱ ያልተጣራ ሰው ተቀጥቶ ያድራል ማለት ነው።

ከቀዮቹ ሁሉ ጎልቶ የወጣው «ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታ መለየት» የሚለው ነው። በአጠቃላይ ዝርዝሩ ውስጥ ቀላል ጥፋት ነው፤ መጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። የጥበቃ ምዕራፉ ደግሞ «የተሰጠውን ጥበቃ ጥሎ የሄደ ብርቱ በደል ፈጽሟል» ይላል። የቅጣቱ ክፍል «ብርቱ በደል» የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው «ታላቅ ግድፈት»ን ነው፤ እሱ ስንብት ነው። ኮሚቴው ምን አደረገ? ብርቱና ታላቅ አንድ ናቸው ብሎ ፈረደ። ሰውየው ተባረረ።

ቀና ስል በመስኮቱ አየሁት። ቆሟል። ፈራሁ፤ በቀን፣ በሰው መሃል፣ በገዛ ቢሮዬ ፈራሁ።

ሰውየው የተባረረበትን የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አንብቤ ብቻ መቀመጥ ስላልሆነልኝ መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ዕድሜው ወደ አባቴ ዕድሜ ይጠጋል። ከቅርብ ሳየው መስኮቴ ላይ ሆኜ እንደፈራሁት አይደለም፤ ዓይኑ ለስላሳ ነው። ከዚያ በኋላ አንቱ ካልሆነ አፌ አልታዘዘልኝም።

«እንደምን አደሩ፣ አያ።»

«እግዜር ይመስገን፣ ልጄ። አዲሷ ነሽ?»

«አዎ። ለምን ነው እዚህ የሚቆሙት?»

«ጥበቃውን ጥለህ ሄድህ አሉኝ። አልጣልሁትም። ጥሎ የሄደ ሰው እንዲህ ይቆማል? የሚያይ ይይ ብዬ ነው።»

የሆነውን ነገሩኝ። አንድ ጠዋት ከገጠር የመጡ ጥቂት ሰዎች ሬሳ ተሸክመው በመንገዱ ያልፉ ነበር። ተሸካሚዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከሩቅ መጥተዋል፤ አንዱ ጉልበቱ ተብረክርኮ ሊወድቅ ደርሷል። እሳቸው በሩን ቆለፉ፤ ቆባቸውን አወለቁ፤ ትከሻቸውን ከቃሬዛው ሥር አስገቡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መገንጠያ ድረስ ተሸክመው፣ ለሌላ ሰው አስረክበው ተመለሱ። ሲመለሱ የሥራ አስኪያጁ መኪና በሩ ላይ ጡሩንባ ያሰማል።

«የዘመድዎ ሬሳ ነበር?» አልኩ።

«ኧረ አላውቀው። ሰው ነው።»

«ንብረት ጠፋ?»

«አንዲት ፍሬ አልጎደለም። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።»

«ፍርድ ቤት ለምን አልሄዱም? ሕጉ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ጊዜ ይሰጣል እኮ።»

«የኮሚቴው ቃል የመጨረሻ ነው አሉኝ። እኔም አመንሁ። ኋላ አንድ ሰው ሲነግረኝ ጊዜው አልፎ ነበር።»

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ በደንብ አላውቅም፤ በኮሚቴው፣ በየኔታ፣ በሳቸውም። ቢሮዬ ተመልሼ በሩን በኃይል ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መመሪያ ማስተካከል የሚለው ሥራ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እኒህን ሰው ወደ በሩ መመለስ።

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ የተከፈተ ቀን በወረታ ዞሬ ወደ አዲስ ዘመን ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ ጣራ ገዳም ወጣሁ። የኔታ ጡረታ ወጥተው ገዳሙ ጥግ ነው የሚኖሩት። ከጥዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጫካው ውስጥ ድምፅ የለም፤ የራሴ እስትንፋስ እስኪያስደነግጠኝ ድረስ ጸጥ ያለ ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«የኔታ፣ ብርቱ በደልና ታላቅ ግድፈት ይለያያሉ?»

ሳቁ። «ምን ይለያያሉ ልጄ፤ አንድ ናቸው። አንድ ቃል ደጋግሞ መጻፍ ያስነውራል። መምህራችን ቢያዩኝ ‹ቃል አለቀብህ?› ይሉኝ ነበር።»

«ጥበቃ ጥሎ መሄድስ? ምን ማለትዎ ነበር?»

«ንብረቱን ለሌባ ሰጥቶ የሄደ፣ ከሌባ የተመሳጠረ። ሌላ ምን ይሆናል? ሽንት ሊሸና ፈቀቅ ያለማ ሰው አይደል?»

የዘበኛውን ነገር ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና ፊታቸውን ወደ ጫካው አዞሩ። «ታዲያ ማን አባሮታል ልትይኝ ነው?» አሉኝ። መልሴን አልጠበቁም። «በይ ሂጂ፤ መንገዱ ሳይዘጋ» አሉ። ወደ ታች ስወርድ ዞር ብዬ ሳይ እንደ ቆሙ ናቸው። አንዱን የቆመ ሰው ሽሽት ሄጄ ሌላ አቁሜ መጣሁ።

ተመልሼ መጻፍ ጀመርኩ። ጽሑፌ እንደ የኔታ አይፈስም፤ እንዲፈስም አልፈለግሁም። አንድ ነገር አንድ ስም። ትርጓሜው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ውጭ ማንም አንቀጽ ጥፋትን እንደገና አይተርጉም። ጥፋት ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀላልና ከባድ፤ ሦስተኛ የለም። ቅጣት በአንድ ሰንጠረዥ ብቻ ይገኛል፤ ሌሎቹ ምዕራፎች ወደ ሰንጠረዡ ይመሩ እንጂ የራሳቸውን ቅጣት አይፍጠሩ። እገዳ ማጣሪያ ነው፣ ቅጣት አይደለም። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱትን ጥፋቶች ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉና ከኅብረት ስምምነቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ፤ መመሪያ ከሕጉ በላይ ሊጨክን አይችልምና። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ቁጭ ብለን ተከራከርን። ማስጠንቀቂያም የሚያረጅበት ጊዜ ተወሰነለት፤ ሰው ዕድሜ ልኩን በአንድ ወረቀት እንዳይታሰር።

የጥበቃውን አንቀጽ እንዲህ አደረግሁት፤ ተረኛ ሳይተካ ወይም ፈቃድ ሳያገኝ ከበሩ የተለየ የጥበቃ ሠራተኛ መጀመሪያ ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ማስጠንቀቂያው ሳያረጅ ከደገመ ስንብት፤ በመለየቱ ንብረት ከጠፋ በመጀመሪያውም ቢሆን ስንብት። በቂ ምክንያት ካለው ጥፋት የለበትም። በቂ ምክንያት ምንድን ነው? እዚህ ላይ ቆምኩ። ልቅ ብተወው ነገ እያንዳንዱ ኮሚቴ እንደፈለገ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ከፈቃድ ምዕራፉ ጋር አስማማሁት፤ ድንገተኛ ሕመም፣ አደጋ፣ ሕጉ የዘረዘራቸው የቅርብ ቤተሰቦች ሞት። ሁለቱ ምዕራፎች ቃል በቃል አንድ ሆኑ። ደስ አለኝ፤ ያን ቀን በጣም ደስ አለኝ።

የመጨረሻው አንቀጽ የኔ የተንኮል አንቀጽ ነበር። እርስ በርስ በሚጋጩ የቀድሞ አንቀጾች የተሰጠ ውሳኔ፣ የተቀጣው ሰው ካመለከተ፣ በቀለለው አንቀጽ እንደገና ይታያል የሚል። የቦርዱ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ይህንን ሲያነቡ ቀና አሉ።

«አዲስ መመሪያ ያለፈውን አይነካም» አሉ።

«አዲሱን በድሮው ሰው ላይ አልጫንኩም» አልኩ። «ሰውየው በተቀጣ ጊዜ ለአንድ ድርጊት ሁለት አንቀጽ ነበር። ኮሚቴው ከባዱን ሲመርጥ ምክንያት አልጻፈም። ያንን ነው እንይ የምለው።»

«ነገ የተባረረ ሁሉ በር ላይ ሊቆም?»

«የተባረረው አንድ ሰው ነው ብለውኛል። እሳቸው ደግሞ ቆመዋል።»

የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ሐሙሲት አጠገብ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። «እኔ እዚህ ስመጣ በዚያ ሰውየ ፊት ማለፍ ሰልችቶኛል» አሉ። «አጽድቁትና እንገላገል።» ጸደቀ። ሲጸድቅ ማንም አላጨበጨበም። እኔ ብቻ ጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጥኩ።

ማመልከቻቸውን አብረን ጻፍን፤ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ በብዕር። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ክርክር አልነበረም፤ አንድ ድርጊት፣ አንድ ስም፣ አንድ ቅጣት። ስንብቱ ተነሣ፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተተካ፤ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ተባለ። ብርሃን የሞላበት ጠዋት ነበር የጠራኋቸው። ካፖርታቸውን አራግፈው፣ ጫማቸውን ደጋግመው ጠርገው ገቡ። ወንበር ስሰጣቸው ዳር ላይ ተቀመጡ።

ውሳኔውን አነበብኩላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ማስጠንቀቂያው ደርሶኛል ብለው የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። ብዕሩን ተቀበሉ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያላቸው መሰሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ከእንግዲህ ሬሳ ሲያልፍ ምን ላድርግ?»

«ምን አሉ?»

«ሬሳ ሲያልፍ። አዲሱ ወረቀት ምን ይላል?»

መመሪያውን ገለጥኩ። መግለጥ አያስፈልገኝም ነበር፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ገለጥኩት፤ ምናልባት አንድ የረሳሁት፣ አንድ የላላ፣ ከሌላው ጋር ያልተስማማ ቃል አገኛለሁ ብዬ። የጥበቃው አንቀጽ ወደ ሰንጠረዡ መራኝ፤ ሰንጠረዡ ወደ ትርጓሜው፤ ትርጓሜው ወደ በቂ ምክንያት፤ በቂ ምክንያት ወደ ፈቃድ ምዕራፉ። ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ።

«የቅርብ ዘመድ ካልሆነ... መቆም ነው፣ አያ። ከበሩ አለመለየት ነው።»

«ተሸካሚው ሲወድቅ ባየውም?»

«ባዩትም።»

«ቢደገምስ?»

«ማስጠንቀቂያው ሳያረጅ ከተደገመ ስንብት ነው።»

«ድሮ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ድሮ አንዱ ወረቀት ሲያባርረኝ ሌላው ጥፋትህ ቀላል ነው ይለኝ ነበር። ለዚያ ነው የቆምሁት። የሚያምነኝ አንቀጽ አለ እያልሁ።»

«አንቀጹን አሻሽለዋለሁ። ጊዜ ይስጡኝ» አልኩ።

«ምን ብለሽ?»

ብዕሩን በዝግታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ካፖርታቸውን አወለቁ፤ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ በሥርዓት አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ከሥሩ የለበሱት ሹራብ ክርኑ ላይ ሳስቷል። «በሩን ጥሎ የሄደ እንዳይሉኝ ነው የቆምሁት» አሉኝ። «ሬሳን ቆሜ የማሳልፍ ከሆነ ግን ልሂድ። እሱስ ይሻላል።» ሄዱ። በመስኮቱ ተከተልኳቸው። ማዶ ሲደርሱ አልቆሙም፤ ዞረውም አላዩም።

ከዚያ ወዲህ ያንን አንቀጽ ብዙ ጊዜ ጽፌው ሰርዣለሁ። «ሬሳ የሸኘ» ብዬ ስጽፍ የማን ሬሳ፣ እስከየት፣ በሩን ማን ይዞ የሚል ጥያቄ ይመጣል። «እንደ አገሩ ልማድ» ስል ደግሞ ኮሚቴው እንደገና እንደፈለገ ይተረጉመዋል፤ የማይገጥመው ሌላ አንቀጽም ይነሣል። ካፖርቱን ማንም አልወሰደውም፤ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር የዝናብ ሽታ ይመታኛል፤ እደነግጣለሁ።

መመሪያውን ሌሎች ዩኒየኖች ቅጂ እየጠየቁ ይወስዱታል። የሚጋጭ አንቀጽ የለበትም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። አዲስ ዘበኛ ሲቀጠር እኔው ነኝ የማስረዳው፤ ሁሉም በቀላሉ ይገባቸዋል፤ ይፈርማሉ። አሁን በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ጎበዝ ነው፤ አንድም ቀን ስሙ ለኮሚቴ ቀርቦ አያውቅም። ሬሳ ከሩቅ ሲመጣ ሲያይ ወደ ግቢው ይገባና በሩን ከውስጥ ይቀረቅረዋል።